ገበያው በግማሽ ቢወርድ ሳልሸጥ መቆየት እችላለሁ?

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዕድሜዬ 50 ሲሆን በሆስፒታል ላቦራቶሪ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። በ401ኬ የጡረታ ሒሳቤ 260 ሺህ ዶላር አለኝ፤ ሁሉም የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን በሚከተለው በኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ ነው። ባለቤቴ በአይአርኤ የጡረታ ሒሳቡ 70 ሺህ ዶላር በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ፈንድ አስቀምጧል። በጋራ ሒሳባችን ደግሞ ለትልቋ ልጃችን ኮሌጅ ያሰብነው 60 ሺህ ዶላር በአክሲዮን ፈንድ አለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ትጀምራለች። በቁጠባ ያለን 10 ሺህ ነው። በወር የእኔ 4,300፣ የእሱ 2,600 ዶላር ይገባል፤ ደሴ ለእናቴ የምልከውን 400 ጨምሮ 6,200 እናወጣለን። በሚተርፈው 700 በየወሩ ፈንድ እንገዛለን።

የሚያስጨንቀኝ በ2020 ያደረግሁት ነው። በማርች ወር ከሌሊት ተረኛነት ስመለስ ስልኬን ከፍቼ 110 ሺህ የነበረው ሒሳቤ 77 ሺህ ሆኖ አየሁት፤ እዚያው ሸጥኩት። የተመለስኩት በጃንዋሪ 2021 ነው። በቅርቡ አንዲት ጓደኛዬ «ግማሹ ቢጠፋ ትችይዋለሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ባለቤቴ «ገበያ ሁሌም ይመለሳል» ይላል። ራሴን እንዴት ልፈትን? ወይስ ሁሉንም ወደ ቦንድ ልቀይረው?

ሰ. ነኝ

መልስ

ውድ እህቴ ሰ.፣ ያቺን የማርች ሌሊት ሳይደብቁ ስለጻፉልኝ አመሰግንዎታለሁ፤ ለዚህ ፈተና ከሁሉም የሚበልጠው መረጃ እሷ ናትና። የፋይናንስ ድርጅቶች «ገበያው ቢወርድ ምን ያደርጋሉ?» የሚል መጠይቅ ያስሞላሉ፤ ገበያው በሚወጣበት ወቅት የተሞላ መጠይቅ ግን ሰውየው ሊሆን የሚመኘውን እንጂ የሆነውን አይናገርም። እርስዎ የሆኑትን ያውቃሉ፤ 30 በመቶ ሲወርድ ሸጠዋል። በዚያ የውድቀት ወቅት ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ድረስ 34 በመቶ ገደማ ወርዶ፣ በኦገስት የቀድሞ ቦታው ላይ ደርሷል። 110 ሺው ሳይነካ ቢቆይ ኖሮ በተመለሱበት በጃንዋሪ 2021 ከ120 ሺህ ዶላር በላይ ይሆን ነበር። ይህን የምጠቅሰው ቁስልዎን ለመነካካት ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የምናሰላው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ስለሆነ ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ያን ሌሊት የሸጡት ገንዘቡ ያስፈልግዎ ስለነበር ነው፣ ወይስ መውረዱን ማየት ስላልቻሉ? በዚያ ሰሞን የታክሲ ሥራ ቆሞ ነበር፤ እርስዎም ሆስፒታል ውስጥ የማንም ሰው ልብ የማይችለውን እያዩ ነበር። ምናልባት ያስፈራዎት ገበያው ሳይሆን የሚቀጥለው ወር የቤት ክፍያ ይሆናል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። የመጀመሪያው የሚታከመው በቁጠባ፣ ሁለተኛው የአክሲዮኑን ድርሻ በመቀነስ ነው። መልሱን አሁኑኑ አይስጡኝ፤ ስሌቱን ሲሠሩ ራሱ ይገለጥልዎታል።

ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ ባዶ ወረቀት አውጡ። «50 በመቶ» ብላችሁ አትጻፉ፤ በመቶኛ የተጻፈ ኪሳራ ማንንም አያስደነግጥም። እያንዳንዱን ሒሳብ በስሙ ጽፋችሁ ከጎኑ የሚቀረውን ዶላር አስፍሩ። የእርስዎ 401ኬ 130 ሺህ ይሆናል። የኮሌጁ ገንዘብ 30 ሺህ ይሆናል። የባለቤትዎን ግን በግማሽ ብቻ መቁረጥ ስሌቱን ያለሰልሰዋል፤ በአንድ ዘርፍ የተከማቸ ፈንድ ከጠቅላላው ገበያ ይልቅ ብዙ ሊወርድ ይችላልና። ከ2000 እስከ 2002 ኤስ ኤንድ ፒ 500 በግማሽ ገደማ ሲወርድ፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት ናስዳክ 78 በመቶ ያህል ወርዷል፤ ወደ ቀድሞ ከፍታው የተመለሰውም በ2015 ነው። ስለዚህ የእሱን በሦስት አራተኛ ቀንሱት፤ 17,500 ይቀራል። ከቁጠባው ጋር ሲደመር ዛሬ 400 ሺህ የሆነው ሁሉ 187,500 ዶላር ይሆናል። ይህን ቁጥር ሁለት ሳምንት በየቀኑ በምታዩት ቦታ አስቀምጡት። መጀመሪያ ቀን የሚሰማችሁና አሥረኛው ቀን ላይ የሚሰማችሁ አንድ አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ ነው፤ ብዙዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። በ2020 የነበረው ውድቀት አምስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። እርስዎም ባለቤትዎም «ገበያ ሲወድቅ» ሲባል የምታስታውሱት ያንን ነው፤ እውነተኛው የግማሽ ውድቀት ግን እንደዚያ አልነበረም። በኦክቶበር 2007 ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ1,565 ነጥብ ላይ ነበር። ቁልቁለቱ 17 ወር ፈጀ። በኖቬምበር 2008 ከግማሽ በታች ወርዶ 752 ደረሰ። ከዚያ ተመልሶ ወጣና በጃንዋሪ 2009 መጀመሪያ 934 ሲሆን ብዙ ሰው «አለፈ» ብሎ ተነፈሰ። አላለፈም፤ በማርች 9 ቀን 676 ላይ ወረደ። እኔ የማውቃቸው ሰዎች የሸጡት በመጀመሪያው ውድቀት ሳይሆን በዚህ በሁለተኛው ነበር፤ አንድ ጊዜ የታገሠ ልብ እፎይ ካለ በኋላ እንደገና ሲመታ ይዝላል። ጠቋሚው የ2007 ከፍታውን የደገመው በማርች 2013 ነው፤ አምስት ዓመት ተኩል መሆኑ ነው። የተከፈለው የትርፍ ድርሻ ሲታከልበት ጊዜው ትንሽ ያጥራል፤ በየደሞዙ መግዛቱን ለቀጠለ ሰው ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። ባለቤትዎ «ይመለሳል» ማለታቸው በአሜሪካ ታሪክ እስከ ዛሬ እውነት ነው፤ ሆኖም «እስኪመለስ በምን እንኖራለን?» የሚለውን ጥያቄ አይመልስም።

ገበያውና ደሞዙ የሚወድቁት አብረው ነውና፣ ይህን ጥያቄ በቁጥር እንመልሰው። በአሜሪካ የሥራ አጡ ቁጥር በ2007 መጨረሻ 5 በመቶ ገደማ ነበር፤ በኦክቶበር 2009 10 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ በወረቀትዎ ላይ የባለቤትዎን ገቢ በግማሽ ቀንሰው 1,300 ያድርጉት። በወር የሚገባው 5,600 ይሆናል፤ ወጪው 6,200 ነው፤ በየወሩ 600 ይጎድላል። በ18 ወር 10,800 ዶላር ማለት ነው። እኛ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው በራሳችን ወጪ ብቻ አንለካም። አገር ቤት ያለ ቤተሰብ የሚታመመውና የሚቸገረው ገበያውን ጠብቆ አይደለም፤ በክፉ ጊዜ የሚደወለው ስልክ ይበዛል እንጂ አያንስም። ለአንድ ድንገተኛ ጉዞና ለሕክምና 4 ሺህ ዶላር ይጨምሩ። ድምሩ 14,800 ይሆናል፤ ያላችሁ ቁጠባ 10 ሺህ ነው።

የጎደለው 4,800 ዶላር በራሱ ትልቅ ገንዘብ አይመስልም፤ ነገር ግን ከየት ይመጣል? ከ401ኬ ይውጣ ቢባል፣ ያውም ዕቅዱ ከፈቀደ፣ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት በመውጣቱ በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣትና የገቢ ግብር ይከተለዋል፤ 4,800 በእጅ እንዲገባ ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ መሸጥ ያስፈልጋል። ዋጋው በግማሽ በወረደበት ቀን የተሸጠ 7 ሺህ ደግሞ ትናንት 14 ሺህ የነበረ ነው። ከራስ 401ኬ መበደርም ይቻላል፤ ሆኖም ተበዳሪው ከሥራ ቢለቅ ቀሪውን ብድር እስከ ግብር ማሳወቂያው ቀን ካልመለሰ እንዳወጣው ይቆጠርበታል። በቤታችሁ ላይ ያለ የብድር መስመር ካለም እንደ ቁጠባ አትቁጠሩት፤ በ2008 ባንኮች የቤት ዋጋ ሲወርድ ይህን መስመር ለብዙ ሰው ዘግተውታል። ሳይሸጡ መቆየት የማይችሉበት ቦታ እንግዲህ እዚህ ነው፤ የሚሸጡት ልብዎ ስለደከመ ሳይሆን ባንኩ የቤቱን ክፍያ ስለሚጠብቅ ይሆናል።

ቀደም ብሎ የሚሰበረው ግን የኮሌጁ ገንዘብ ነው። በዓመት 15 ሺህ እየተከፈለ አራት ዓመት ያስተምራል ብላችሁ አስባችሁት ከሆነ፣ በግማሽ ሲወርድ ሁለት ዓመት ብቻ ያስተምራል፤ ያንንም በዝቅተኛው ዋጋ እየሸጣችሁ። ልጅ ትምህርቷን ገበያው እስኪያገግም አቁሚ አትባልም። የመጨረሻው ክፍያ የሚደርሰው ከዛሬ አምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ባለፈው ትልቅ ውድቀት ጠቋሚው ከከፍታው ወርዶ እስኪመለስ ከፈጀበት ጊዜ ያነሰ ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ይህ 60 ሺህ በአክሲዮን ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። ወደ ቁጠባና ክፍያው በሚደርስበት ጊዜ ወደሚያበቃ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሰነድ አዛውሩት። ትርፍ ካለው ሲሸጥ ግብር ይኖረዋል፤ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየው በዝቅተኛው ተመን ይታያልና፣ የግብር ባለሙያችሁን ጠይቃችሁ በዚህና በመጪው ዓመት ከፍላችሁ መሸጥ ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ ግን አታቆዩት።

በየወሩ ፈንድ የምትገዙበትን 700 ዶላር ደግሞ ለ15 ወር ወደ ቁጠባው አዙሩት። 10 ሺው 20,500 ይሆናል፤ ቅድም ያሰላነውን የ18 ወር ጉድለት ሸፍኖ ይተርፋል። ሐቀኛ ለመሆን ግን ስሌቱን አንድ ጊዜ ደግመው በባለቤትዎ ገቢ መቀነስ ላይ የእርስዎም ሥራ ቢቆም ብለው ይሥሩት። ያን ጊዜ የሚጎድለው በወር 4,900 ነው፤ 20,500 ዶላር ያለ ሥራ አጥ ድጎማ አራት ወር ብቻ ያቆያችኋል። የቤተሰቡ የጤና መድን በእርስዎ ሥራ በኩል ከሆነ ጉድለቱ ይሰፋል። የላቦራቶሪ ሙያ ከታክሲ ይልቅ በእንዲህ ያለ ጊዜ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው ብዬ ስለማምን ለመነሻ ይህ ይበቃል እላለሁ፤ ሆኖም ወሰኑን ማወቅዎ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ 401ኬው እንመለስ። ሁሉንም ወደ ቦንድ መቀየሩን አልደግፍም። ሰውነትዎ ከፈቀደ እስከ 67 ዓመትዎ 17 ዓመት አለ፤ ከዚያም በኋላ የሚኖሩበት ዘመን አለ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የኑሮ ውድነቱ እየበላው የሚሄድ ገንዘብ ሌላ ዓይነት ኪሳራ ነው። ቦንድም ቢሆን አይወርድም ማለት አይደለም፤ በ2022 ወለድ በፍጥነት ሲጨምር አክሲዮንና ቦንድ አብረው ወርደዋል፤ ሰፊው የአሜሪካ የቦንድ ገበያ በዚያ ዓመት 13 በመቶ ያህል ቀንሷል። ስለዚህ ስንፈትን የአክሲዮኑን ድርሻ በግማሽ፣ የቦንዱን ደግሞ በ10 በመቶ እናውርድ። ባለቤትዎ የቴክኖሎጂውን ፈንድ በሰፊ የገበያ ፈንድ ተክተውታል ብለን የሁለታችሁን ጡረታ 330 ሺህ አንድ ላይ እንውሰድ።

60 በመቶ አክሲዮን፣ 40 በመቶ ቦንድ ቢሆን 198 ሺህ ዶላሩ አክሲዮን 99 ሺህ ይሆናል፤ 132 ሺው ቦንድ ወደ 119 ሺህ ይወርዳል። ኪሳራው 112 ሺህ ዶላር ገደማ፣ 34 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር አስተውሉልኝ። ብዙ ሰው «መካከለኛ» እያለ የሚይዘው ይህ ድልድል፣ በግማሽ ውድቀት ጊዜ የሚያጣው በ2020 ንጹሕ አክሲዮን የያዘ ሰው ያጣውን ያህል ነው፤ እርስዎ ደግሞ ያኔ ከዚያ በፊት በ30 በመቶ ላይ ሸጠዋል። እኩል በእኩል ቢሆን ኪሳራው 99 ሺህ፣ ልክ 30 በመቶ ይሆናል። በዶላር ሲታይ በዚያች ሌሊት ካዩት 33 ሺህ ሦስት እጥፍ ነው።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ዛሬ በእኩል ድልድል እጀምር ነበር። ይህ ፍርድ እንጂ ቀመር አይደለም። ወረቀት ላይ የሚደረግ ፈተና ፍርሃትን ሊፈጥር አይችልም፤ ዜናው፣ የሥራ ባልደረቦች ሹክሹክታ፣ ከሥራ የተሰናበተ ጎረቤት በወረቀቱ ላይ የሉም። ስለዚህ ወረቀቱ «ይህን እችላለሁ» ካለዎት ቦታ አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት ይሻላል። ቁጠባው ከሞላ በኋላ ገበያው 15 ወይም 20 በመቶ ወርዶ እርስዎ ሳይነኩት ካሳለፉት፣ ያ ከማንኛውም ስሌት የበለጠ ማስረጃ ነውና ያኔ ወደ 60 ማሳደግ ይችላሉ። ገበያው ስለወጣና ጓደኞች ስላተረፉ ብቻ ግን አያሳድጉት። ለመጀመሪያው ጥያቄዬ መልስዎ «የሸጥኩት የቤት ክፍያ አሳስቦኝ ነው» የሚል ከሆነም፣ ቁጠባው እስኪሞላ ድረስ ይህንኑ እመክርዎታለሁ።

በ401ኬና በአይአርኤ ውስጥ ከፈንድ ወደ ፈንድ መቀየር ግብር አያስከትልም፤ ስለዚህ ለመዘግየት የግብር ምክንያት የለዎትም። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ በ401ኬው ገጽ ላይ ያለውን ገንዘብ መቀየርና ወደፊት ከደሞዝ የሚገባውን መቀየር ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። አንዱን ብቻ ቀይረው ሌላውን የረሱ፣ ከዓመታት በኋላ ሒሳባቸው እንደገና ሙሉ ለሙሉ ወደ አክሲዮን ያጋደለባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ሁለቱንም ቀይረው ከሁለት የደሞዝ ቀን በኋላ ገብተው ያረጋግጡ።

ከዚያ የመጨረሻውንና ከባዱን ጥያቄ ለራስዎ ያቅርቡ። እኩል የነበረው ድልድል ከውድቀቱ በኋላ 82,500 አክሲዮንና 148,500 ቦንድ ይሆናል። እንደገና እኩል ለማድረግ 33 ሺህ ዶላር ከቦንዱ አውጥቶ፣ ሁሉም ሰው የሚሸጠውን አክሲዮን መግዛት ያስፈልጋል፤ በ2020 ካጡት ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። ይህን ማድረግ ይችላሉ? «አልችልም» ማለት ነውር የለውም። አለመግዛት ይቻላል፤ የማይቻለው መሸጡ ነው። የምትችሉ ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ብቻ ድልድሉን እንደምታስተካክሉ አሁን ወስኑ፤ በሌላው ጊዜ ገበያው ምንም ቢሆን አትንኩት።

ባለቤትዎን በተመለከተ ክርክር ውስጥ እንዳይገቡ እለምንዎታለሁ። የቴክኖሎጂውን ፈንድ «ሽጠው» ከማለት ይልቅ፣ 17,500 የሚለውን ቁጥር ራሳቸው በእጃቸው እንዲጽፉት ያድርጉ። ከዚያ ሁለታችሁም ለየብቻችሁ፣ አንዳችሁ የሌላችሁን ሳታዩ፣ የሁለታችሁ የጡረታ ሒሳብ ከስንት ዶላር በታች ቢወርድ ሌሊት እንደማትተኙ ጻፉና አብራችሁ ግለጡት። ቁጥሮቹ ከተለያዩ የሚፈራውን ሰው ቁጥር ያዙ፤ ገበያው በወረደበት ሌሊት ስልኩን ከፍቶ የሚሸጠው እሱ ነውና። በዚያው ወረቀት ላይ ድልድሉን፣ ከደሞዝ የሚቆረጠው እንደማይቋረጥ፣ ማንኛውም ሽያጭ 30 ቀን እንደሚቆይና የሁለታችሁን ስምምነት እንደሚጠይቅ ጽፋችሁ ቀኑን አስፍሩና ፈርሙበት። ገበያው 20 በመቶ በወረደ ዕለት ከስልኩ በፊት የምትከፍቱት ይህንን ወረቀት ይሁን።